ለእንቁጣጣሽ ቤት ልንቀባ ገብተን ከጓዳ ያወጣነው መርዝ

በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ አክስቴ ደወለችልኝ። የምትኖረው ቡሬ አጠገብ ገጠር ነው። «ልጄ፣ ለአዲስ ዓመት ቤቱን ላስቀባው አስቤያለሁ፤ የአጎትህን ጓዳ ግን እኔ እጄን አልሰድም፣ ናና አንተ አውጣልኝ» አለችኝ። አጎቴ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። በርበሬ፣ በቆሎና ጤፍ ያመርት ነበር፤ ድንችም በመስኖ ይሞክር ነበር። ለእያንዳንዱ ሰብል የገዛው መድኃኒት ትርፉ እዚያችው ጓዳ ውስጥ ሲጠራቀም ኖሯል።

እኔ የተማርኩት የዕፅዋት ጥበቃ ነው፤ ከገበሬ ጋር ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለዚህ አክስቴ የጠራችኝ ጉልበቴን ፈልጋ ብቻ አይደለም። ጉዳዩን ከነዝርዝሩ የምጽፈው ይህ ጓዳ የአክስቴ ብቻ ስላልሆነ ነው። በጎጃም ብዙ ቤት ውስጥ አለ፣ ሰዎቹም ምን እናድርገው ብለው ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ ብዙውን ጊዜ «አቃጥለው» ወይም «ቅበረው» ነው።

እኔ ስደርስ ማቃጠሉ ተጀምሮ ነበር። የአክስቴ ትንሹ ልጅ ሊያግዘኝ ብሎ ቀድሞ ገብቷል። አንድ ከረጢት ቢጫ ዱቄት ከነፌስታሉ አውጥቶ ከግቢው ጥግ ለኩሶታል። ከሩቅ የሸተተኝ የበሰበሰ እንቁላል ነው። ልጁ ዓይኑ ቀልቷል፣ ይስላል፣ ራሱን ይዞ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። «አያ፣ የድንች መድኃኒት ናት እኮ፣ ምንም አታደርግም ብዬ ነው» አለኝ።

ልክ ነው፣ የድንች መድኃኒት ናት። ማንኮዜብ ነው፤ ለድንችና ለቲማቲም የምች በሽታ የሚረጭ። ውስጡ ድኝ አለ። ሲቃጠል ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ካርቦን ዳይሰልፋይድ የሚባሉ ጋዞች ያወጣል፤ የእንቁላሉ ሽታ የመጀመሪያው ነው። ሁለቱም ይመርዛሉ። ዱቄቱን ሰብል ላይ ሲረጩት በቀላሉ ሰው የማይጥል መሆኑ እውነት ነው፤ እሳት ግን ዕቃውን ሌላ ዕቃ ያደርገዋል። ይሄ ለብዙዎቹ ፀረ ተባዮች ይሠራል። እንዲህ ያለ ኬሚካል በደንብ እንዲቃጠል ከ1,100 ዲግሪ በላይ የሚደርስ፣ ጭሱም የሚጣራበት ምድጃ ይፈልጋል። የግቢ እሳት ወደዚያ አይደርስም። መርዙ አይጠፋም፣ ተለውጦ ወደ ሳንባ ይሄዳል እንጂ።

ልጁን ንጹህ አየር ወዳለበት አወጣነው፣ ፊቱንና እጁን በብዙ ውሃ ታጠበ፣ ልብሱን ቀየረ። ማታ ላይ ተሻለው። እሳቱን በውሃ አላጠፋነውም፤ ውሃው ዱቄቱን ይዞ ወደ ውሃ ጉድጓዱ ይወርድ ነበር። አፈር አለበስነው። የተረፈው ዱቄት አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ እሱን ለብቻው አነሳሁት።

ከዚያ ወደ ጓዳው ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ገና ወደ ውስጥ ሳልገባ አንድ ነገር አየሁና ሁሉንም ሰው ከበሩ መለስኩ። መደርደሪያው ላይ የአሉሚኒየም ቱቦ አለ፤ የነቀዝ ክኒን፣ ፎስቶክሲን የሚባለው ዓይነት። ከሱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ደግሞ ከጣሪያው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የቆርቆሮው ምስማር ዝጎ ተነቅሏል።

ይሄን ክኒን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ክኒኑ ራሱ አይደለም ነቀዙን የሚገድለው፤ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ነው። ባለ 3 ግራሙ አንድ ክኒን 1 ግራም ጋዝ ይለቃል። የአጎቴ ጓዳ 3 ሜትር በ3 ሜትር ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ክኒን ብቻ ሙሉ በሙሉ ቢለቅ፣ ሰው ወዲያው ለቅቆ መውጣት አለበት ከሚባለው መጠን ያልፋል። ያ መጠን ከሚሊዮን የአየር እጅ 50 እጅ ነው። ማርከሻ መድኃኒት ደግሞ የለውም። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል ይባላል፣ ብዙ ጊዜም ይሸታል፤ ግን ሽታውን ማመን አይቻልም፣ ጋዙ ኖሮ ሽታው ላይኖር ይችላል። ነጠላ አፍ ላይ መጠምጠምም ሆነ የሐኪም ቤቱ የጨርቅ ማስክ ለጋዝ ምንም አያደርግም።

ስለዚህ በሩንና መስኮቱን ከውጭ ከፈትንና ሄደን ቡና ጠጣን። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። አክስቴ «ለአንዲት ቱቦ ይሄን ያህል?» አለች። «እትዬ፣ ከዚህ ጓዳ ውስጥ ሰው የሚገድለው በአንድ ሌሊት እሷ ናት» አልኳት።

ስመለስ ቱቦው ክዳኑ እንደታሸገ ነው። አላበጠም፣ አልዛገም። ቢያብጥ ኖሮ ጋዝ ውስጡ ተጠራቅሟል ማለት ነው፤ እንደዚያ ያለውን አልነካውም፣ ክፍሉን ዘግቼ ባለሙያ እጠራ ነበር። ያልተከፈተ ስለሆነ ግን ዕቃው ገና ጤነኛ ነው። ዓመቱም አላለፈም። እንዲህ ያለው ነገር ማስወገጃው ለታሰበለት ሥራ መዋሉ ነው። በአቅራቢያው ያለ የኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል መጋዘኑን በሠለጠነ ሰው ነው የሚያጥነው፤ እዚያ ወስጄ ለዚያ ሰው በእጁ ሰጠሁት፣ ፈርሞም ተቀበለኝ። ወደዚያ ስወስደው መኪና ውስጥ ከሰው ጋር አልጫንኩትም። ደረቅ ባልዲ ውስጥ አድርጌ ከኋላ፣ ክፍቱ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።

ከቱቦው አጠገብ ደግሞ በፌስታል የታሰረ ግራጫ ዱቄት ነበር። አጎቴ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ በቆሎ ሲያጥን የተረፈው የክኒኑ አመድ ነው። ሥራውን የጨረሰ ክኒን ቀለል ያለ፣ እንደ አመድ የሚበትን ዱቄት ይሆናል። መሐሉ ላይ አረንጓዴ ቢጤ ደረቅ እንኩብ ከቀረ ግን ገና አልጨረሰም። በእንጨት ስገልጠው ሁለት ሦስት ትንንሽ እንኩብ አየሁ። ሜዳ ላይ፣ ነፋሱ ከጀርባዬ እየመጣ፣ አንድ ባልዲ ከግማሽ በላይ ውሃ ሞላሁ፣ ጥቂት ኦሞ ጨመርኩ፣ ከዚያ ዱቄቱን በማንኪያ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ወደ ውሃው ጨመርኩና በረዥም እንጨት አማሰልኩ። ዱቄቱ ወደ ውሃ ይገባል እንጂ ውሃ በዱቄቱ ላይ አይፈስም። ውሃ ክምሩ ላይ ካፈሰሱ ሙቀቱና ጋዙ በአንድ ጊዜ ይወጣና ሊቀጣጠል ይችላል። ባልዲውም አይከደንም። መንፈቅፈቁ እስኪያቆም ጠበቅሁ፣ ሌሊቱንም ክፍት ሆኖ ከሰውና ከከብት ርቆ አደረ። በማግሥቱ ዝም ብሎ የተኛ ጭቃ ነበር። ይሄ ለአመዱ ነው የሚሠራው። ሙሉ ክኒን ውሃ ውስጥ እንዲህ ማድረግ ራስን መግደል ነው።

የቀረውን ሁሉ ሸራ አንጥፈን ግቢ ላይ ደረደርነው። እጄ ላይ ረዥም የላስቲክ ጓንት፣ እግሬ ላይ ቦት ጫማ አለ። የጨርቅ ጓንት ፈሳሹን ይመጥና ቆዳ ላይ ያቆየዋል፣ ከባዶ እጅ ይብሳል። ክኒኑንና አመዱን ጨምሮ አሥራ አንድ ዕቃ ሆነ። ሁለት ጣሳ ዘይት ቀለም፣ አንድ ባልዲ የውሃ ቀለም ሲሶው የቀረ፣ አንድ ሃይላንድ አኳራጅ የሚባለው የቀለም ማቅጠኛ፣ ማላታይን የሚባለው የተባይ መድኃኒት ግማሽ ሊትር፣ ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት 400 ሚሊ ሊትር፣ የማንኮዜቡ ትርፍ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነጭ ዱቄት ሁለት ኪሎ ያህል፣ እና አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን።

የመጀመሪያው ክርክራችን ማላታይኑ ላይ ሆነ። ጎረቤታችን ሊያግዙ መጥተው ነበር፣ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩትና «ይቺ ገና አራት ዓመት አላት፣ ለምን ትጣላለች? ለእኔ ስጠኝ» አሉ። ጠርሙሱ ላይ የሚያበቃበት 06/2021 ይላል። ዘመኑ ደግሞ 2017 ነው። እውነታቸውን ነው፣ በእኛ አቆጣጠር አራት ዓመት ይቀረዋል። ግን ቁጥሩ የፈረንጅ ነው። ሰኔ 2013 ላይ አብቅቷል። ይቀረዋል ያሉት አራት ዓመት፣ ያለፈው አራት ዓመት ነው። ይህን ስህተት ስንቴ እንዳየሁት! ፊደል ያልቆጠረ ሰው ብቻ አይደለም የሚሳሳተው፤ ሱቅ ላይ የሚሸጠውም ይሳሳታል። ከውጭ የመጣ ኬሚካል ላይ ያለውን ዓመት ባነበባችሁ ቁጥር ስምንት ቀንሱ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ላለው ደግሞ ሰባት።

«ቢያልፍበትስ፣ ትንሽ ይደክማል እንጂ ምን ይሆናል?» አሉኝ ቀጥለው። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፣ በእጥፍ ጨምሮ ይረጨዋል። ማላታይን ግን ሲያረጅ የሚደክመው ለተባዩ ነው፣ ለሰው አይደለም። በሞቃት ቤት ሲቀመጥ ከፊሉ ኢሶማላታይን ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ጉበታችን ማላታይንን የሚሰብርበት መንገድ አለው፤ ኢሶማላታይን ያንን መንገድ ይዘጋዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓኪስታን ውስጥ ለወባ ማላታይን ይረጩ የነበሩ ሠራተኞች 2,800 ያህሉ ታመሙ፣ አምስቱ ሞቱ። ሲጣራ ምክንያቱ ይኸው በክምችት ውስጥ የተፈጠረው ነገር ነበር። የአጎቴ ጓዳ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ እዚያ ውስጥ መቆም አይቻልም። ማላታይኑ በዚያ ሙቀት አራት በጋ ከርሟል። ጎረቤታችን ጠርሙሱን መልሰው አስቀመጡት።

ቱፎርዲው ላይ ያለው ቀን 03/2026 ነው፤ መጋቢት 2018 ማለት ነው። ጠርሙሱ የራሱ ነው፣ ጽሑፉ ይነበባል፣ ፈሳሹ አልተለያየም። ይሄ ቆሻሻ አይደለም፣ ትርፍ ነው። ትርፍ ደግሞ ሥራ ላይ ሲውል ያልቃል። ዕድላችን ሆኖ የአክስቴ ጤፍ ከተዘራ አምስት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ሰፋፊ ቅጠል ያለው አረም ገና ትንሽ ነው። የጠርሙሱ ምጣኔ ለሄክታር 1 ሊትር ነው። ለአንድ ቃዳ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 250 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። 400ው ለአንድ ቃዳ ተኩል ትንሽ ተርፎ ይበቃል። ባለ 15 ሊትር የጀርባ መርጫ ላይ 80 ሚሊ ሊትር እያደረግን አምስት ጊዜ ሞላን፤ አለቀ። ዝናቡ ፋታ የሰጠበትን፣ ነፋስ የሌለበትን ማለዳ ነው የመረጥነው። በማሳው ዳር በርበሬ አለና ወደዚያ ወገን ያለውን አሥር እርምጃ ያህል ሳንረጭ ተውነው፣ እሱ በእጅ ይታረማል።

የባዶ ጠርሙሱ አያያዝ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሱ ወደ መርጫው ተገልብጦ፣ ጠብታ ብቻ ከሆነ በኋላ ሌላ ግማሽ ደቂቃ ይያዛል። ከዚያ ሩቡን ያህል ንጹህ ውሃ ይገባበታል፣ ይከደናል፣ ግማሽ ደቂቃ በደንብ ይናጣል፣ ውሃው ወደ መርጫው ይገለበጣል። ሦስት ጊዜ። ዋናው ነገር እጣቢው ወደ መርጫው መግባቱ ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር ማሳው ላይ ይረጫል። ወንዝ ዳር ሄዶ ያለቀለት ነው ብሎ ማጠብ የቀረውን መርዝ ለውሃው መስጠት ነው። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፤ ጠርሙሱ ካደረ ግድግዳው ላይ ይደርቅና በውሃ አይወጣም። መጨረሻ ላይ ጠርሙሱ በምስማር ታችና ጎኑ ይበሳል። ካልተበሳ ነገ ቆራሌ ወይም ልዋጭ ይወስደዋል፣ ከነገ ወዲያ ገበያ ላይ ዘይት ይሸጥበታል።

መርጫው ራሱም ይታጠባል፣ ለዚያውም ቱፎርዲ ከሆነ በጣም። አምና ጎረቤታችን በቱፎርዲ መርጫ የበርበሬ መድኃኒት ረጭተው ነበር። መርጫውን በውሃ አንዴ አለቅልቀውታል። በሳምንቱ የበርበሬው ቅጠል ጠበበ፣ እንደ ክር ተጠማዘዘ፣ ጫፉ ታጠፈ። በሽታ ነው ብለው ሌላ መድኃኒት ገዝተው ደገሙት። በሽታ አልነበረም፤ መርጫው ውስጥ የቀረው የአረም መድኃኒት ነው። ቱፎርዲ ጤፍንና በቆሎን የሚተወው ቅጠላቸው ቀጭን የሣር ዘር ስለሆኑ ነው፣ በርበሬ ለሱ አረም ነው። እኛ መርጫውን በኦሞ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብን፣ ቱቦውንና አፍንጫውን ጭምር እየረጨን፣ እጣቢውንም እዚያው ጤፉ ላይ። ከዚያ መርጫው ላይ በቀለም «የአረም» ብለን ጻፍንበት። ለበርበሬው ሌላ መርጫ ይገዛል፤ አክስቴ ዋጋውን ስትሰማ ዝም አለች፣ ግን ተስማማች።

ቀለሙ ቀለል ያለ ነው። አንደኛው ዘይት ቀለም ግማሽ ጣሳ ነው፣ ላዩ ቆዳ ሠርቷል። ቆዳውን ገፈን፣ በአሮጌ ካልሲ አጥልለን በሩንና ሁለቱን መስኮት ቀባንበት፤ ትንሽ ተርፎ የጓዳውን መደርደሪያ ቀባ። ሁለተኛው ጣሳ ታች ላይ ብቻ የቀረ ሙጫ ነበር። ክዳኑን ከፍተን ከእሳትና ከልጅ ርቆ፣ ዝናብ በማያገኘው በረንዳ ላይ ተውነው፤ በአሥራ አምስት ቀን ድንጋይ ሆነ። የደረቀ ቀለም አይፈስም፣ አይሰርግም። ማቃጠልና መፋቅ ግን የለበትም። ድሮ የተሠራ ዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖር ይችላል፤ አገራችን ገደብ ያወጣችበት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የውሃ ቀለሙ በስብሶ ይሸት ነበርና አመድና አፈር ለውሰንበት እንደ ጭቃ አድርገን አደረቅነው።

አኳራጁ ሃይላንድ ውስጥ መሆኑ ነው ያናደደኝ። ንጹህ ነው፣ ውሃ ይመስላል፣ ከላዩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ከጓዳ የወጣ ንጹህ ፈሳሽ አረቄ ነው ብሎ የሚጎነጭ ሰው አይጠፋም። አኳራጅ ከተጠጣ ደግሞ ሆድ ውስጥ ካደረሰው ይልቅ ወደ ሳንባ የገባችው ጠብታ ትብሳለች፤ ስለዚህ የጠጣ ሰው እንዲያስታውክ ማድረግ ክልክል ነው። ወተትም ሆነ ሌላ ነገር ማጠጣት አያስፈልግም፣ ወደ ሐኪም ቤት ነው ከነጠርሙሱ። አኳራጁን ጠባብ አፍ ባለው የመስታወት ጠርሙስ ገለበጥነው፣ «አኳራጅ፣ አይጠጣም» ብለን ለጠፍንበት። በዘይት ቀለም ለተነከረው ቡሩሽ ማጠቢያ ሆነ። የታጠበበትን አልደፋነውም። ከድነን ሁለት ቀን ስናስቀምጠው ቀለሙ ታች ተኛ፣ ላዩ ጠራ፤ የጠራውን መልሰን ለሌላ ጊዜ አስቀመጥነው። አተላውን ሰጋቱራ ላይ አፍስሰን በረንዳ ላይ ደረቀ። ይህን ሁሉ ከወጥ ቤት አርቀን ነው ያደረግነው፤ የአኳራጅ ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ሄዶ ምድጃ ያገኛል። ቀለም የተጠረገበትን ጨርቅም ጨብጦ ጥግ መጣል አይገባም፤ ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ክምር ከሆነ በራሱ ሊነድ ይችላል። አጥር ላይ ዘርግተን አደረቅነው።

ጀሪካኑ ላይ ከአክስቴ ጋር ተጣላን ማለት ይቻላል። አምስት ዓመት ጠላ ስትጠምቅ ጠላውን ያኖረችበት ነው። ታችኛው ላይ የተቀረጸውን ሳይ የኬሚካል ጀሪካን ነው። «በአሸዋ ፈትጌ፣ በእንዶድ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ ነው የያዝኩት! ምንም የለውም» አለች። ማጠቧን አምናለሁ። ግን በዘይት የተበጠበጠ መድኃኒት ፕላስቲኩ ላይ አይደለም የሚቀመጠው፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል። እንዶድ የሚያነሳው ላዩን ነው። ውስጥ የገባው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ለዚያውም ጠላ እንደ ውሃ አይደለም፣ አልኮል አለው። አክስቴ ለረጅም ጊዜ አልመለሰችልኝም። ከዚያ ራሷ ምስማርና ድንጋይ አምጥታ በሳችው።

ሦስት ነገር ቀረ። ያለፈበት ማላታይን፣ የማንኮዜቡ ትርፍ፣ እና ነጩ ዱቄት። ዱቄቱ ስም የለውም። የአክስቴ ልጅ «አሽትተን እንወቀው» አለ፤ አይሸተትም፣ አይቀመስም። ነጭ ዱቄት ዲዲቲ ሊሆን ይችላል፤ ለወባ ቤት ለቤት ሲረጭ ከእጅ እጅ እየወጣ ገበሬ ቤት የገባ አለ። ሌላም ሊሆን ይችላል። ስም የሌለው ዕቃ እንደ ክፉው ተቆጥሮ ነው የሚያዘው።

ጎረቤታችን «ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረው» አሉ። የአክስቴ የውሃ ጉድጓድ ከጓዳው ሃያ እርምጃ አይሞላም። በክረምት ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ቀን ገመድ ስሰድ ሦስት ሜትር ላይ ነካ። ቀዩ አፈር ጠጣር ይመስላል፣ ግን በምስጥ ቀዳዳና በሥር መንገድ የተሞላ ነው፣ ዝናቡ በሱ ነው የሚወርደው። ማሳ ላይ የተረጨ ስስ መድኃኒትን ፀሐይና ተሕዋስያን ይሰብሩታል። በአንድ ጉድጓድ የተከማቸ ግማሽ ሊትር ግን ራሱን ይጠብቃል፣ ተሕዋስያኑን ይገድላቸዋል። ዲዲቲ ከሆነማ የልጅ ልጆቿ ያገኙታል። ሽንት ቤት መጨመርም ያው መቅበር ነው።

ወደ ወረዳ ወስጄ ጠየቅሁ። ባለሙያው ልጅ ቅን ነው፣ መዝገብ አውጥቶ ስሙን፣ መጠኑን፣ ቦታውን ጻፈ። የሚቀበልበት መጋዘን ግን የለውም። እውነቱን ነው፤ አገሪቱ ራሷ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ያረጀ ፀረ ተባይ ከሺህ ቶን በላይ አሽጋ ፊንላንድ ድረስ ልካ ነው ያስቃጠለችው። ከአንድ ጓዳ የወጣ ሦስት ዕቃ እስኪሰበሰብ ተራ ይጠብቃል። እስከዚያ ድረስ ሥራው በደንብ ማቆየት ነው።

ስለዚህ ክዳኑ የሚጠብቅ 60 ሊትር ሰማያዊ በርሜል ገዛን። ታቹን አንድ ስንዝር ደረቅ አፈር ሞላን፣ ቢፈስ እንዲመጥ። ማላታይኑን ከነጠርሙሱ በሁለት ወፍራም ፌስታል አስረን ቀጥ አድርገን አቆምነው። ነጩን ዱቄት ከነማዳበሪያ ከረጢቱ ሌላ ከረጢት ውስጥ። ማንኮዜቡን ደግሞ ለብቻው ጠባብ ባልዲ ውስጥ፣ ደረቅ አድርገን፤ እርጥበት ካገኘው በራሱ ይሞቃል። በርሜሉን ከወጥ ቤቱም ከጎተራውም ከበረቱም ርቆ ባለው የዕቃ ቤት ውስጥ፣ መሬት እንዳይነካ ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። ከውጭ በዘይት ቀለሙ ትርፍ «መርዝ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፊደል ለማይለየውም የራስ ቅል ሳልኩ። ውስጥ ምን እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ በእርሳስ ጽፌ በፌስታል ሸፍኜ ክዳኑ ላይ ለጠፍኩ። እርሳስ ያልኩት ስክሪብቶ ከዓመት በኋላ ስለሚደበዝዝ ነው። ጣሪያውንም አስጠገንን፤ ቁልፉ አክስቴ አንገት ላይ ነው።

በየወሩ በ21፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከፍታ ታየዋለች። የምታየው ሦስት ነገር ነው፤ አፈሩ ረጥቧል ወይ፣ ፌስታሉ አብጧል ወይ፣ ክዳኑ ሲነሳ ይሸታል ወይ። ባለፈው ስትደውልልኝ «ደረቅ ነው ልጄ፣ ሽታም የለው» አለችኝ። ቀጥላም ጎረቤታችን አዲስ የገዙትን የበርበሬ መድኃኒት ይዘው መጥተው «እስኪ ይቺን ቁጠሪልኝ» እንዳሏት ነገረችኝ። 04/2024 ይላል። ስምንት ቀንሳላቸዋለች። ጠርሙሱን ሳይከፍቱ ወደ ሱቁ መልሰው ሄዱ አለችኝ።